የሟሟ ኦክስጅን የሙሌት መጠንን ከአየር ግፊትና ከሙቀት ተነሥቶ ማስላትና በመለኪያ ማረጋገጥ

ተደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሠንጠረዡ በዚህ ሙቀት የኦክስጅን ሙሌት 9.09 ሚሊግራም በሊትር ነው ይላል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ አየር ነፍቼበት እንኳ መለኪያው ከ7.1 አያልፍም። ችግሩ ከመለኪያው ነው ወይስ ከውሃው?» ጠያቂው የሚሠራው ከፍ ባለ ቦታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሁለቱም አይደለም። ሠንጠረዡ የተዘጋጀው በባሕር ወለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ሲሆን የእርስዎ ውሃ ያለው ግን በሌላ ግፊት ሥር ነው። ይህ መመሪያ ለራስዎ ቦታና ለራስዎ የውሃ ሙቀት የሚሆነውን ትክክለኛ ቁጥር እንዴት እንደሚያሰሉ፣ ከዚያም በሦስት የተለያዩ ሙቀቶች ላይ በመለኪያ እንዴት እንደሚያረጋግጡት ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ስሌቱ የሚቆምበት ሕግ

የሔንሪ ሕግ እንደሚለው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ እስከቆየ ድረስ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያ ጋዝ ከፊል ግፊት ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው። ከፊል ግፊት ማለት በቅልቅል ውስጥ ያለ አንድ ጋዝ ለጠቅላላው ግፊት የሚያበረክተው ድርሻ ነው። ለኦክስጅን ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፦

```
p = 0.2095 × (P − Pw)
C = k × p
```

P በቦታው ያለው ትክክለኛ የአየር ግፊት ነው። Pw በውሃው ሙቀት ላይ ያለው የውሃ ተን ግፊት ነው። p የኦክስጅን ከፊል ግፊት ሲሆን ሦስቱም በኪሎፓስካል ይለካሉ። 0.2095 በደረቅ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ነው። k የሔንሪ ቋሚ ቁጥር ሲሆን ለእያንዳንዱ ኪሎፓስካል የኦክስጅን ግፊት ስንት ሚሊግራም ኦክስጅን በአንድ ሊትር ውሃ እንደሚሟሟ ይነግረናል። C የሙሌቱ መጠን በሚሊግራም በሊትር ነው።

የውሃ ተኑን ግፊት የምንቀንሰው ከውሃው ገጽ አጠገብ ያለው አየር በተን የተሞላ ስለሆነ ነው። ተኑ ከጠቅላላው ግፊት የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ ለደረቁ አየር የሚተርፈው ቀሪው ብቻ ነው፤ 0.2095 የሚሠራውም በዚህ ቀሪ ላይ ነው።

k «ቋሚ» ቢባልም ቋሚነቱ ለግፊት እንጂ ለሙቀት አይደለም። ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር ሌላ k ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ሠንጠረዥ ለንጹሕና ጨው አልባ ውሃ የሚያገለግል ነው፦

| ሙቀት (°C) | Pw (ኪሎፓስካል) | k (ሚ.ግ. በሊትር ለ1 ኪሎፓስካል) | ሙሌት በ101.325 ኪሎፓስካል (ሚ.ግ. በሊትር) |
|---|---|---|---|
| 0 | 0.61 | 0.693 | 14.62 |
| 5 | 0.87 | 0.607 | 12.77 |
| 10 | 1.23 | 0.538 | 11.29 |
| 15 | 1.71 | 0.483 | 10.08 |
| 20 | 2.34 | 0.438 | 9.09 |
| 25 | 3.17 | 0.402 | 8.26 |
| 30 | 4.25 | 0.372 | 7.56 |
| 35 | 5.63 | 0.347 | 6.95 |

ሙቀት በሙሌቱ ላይ የሚሠራው በሁለት መንገድ መሆኑን ከዚህ ሠንጠረዥ ማየት ይቻላል። ውሃው ከ0 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ተኑ ስለሚጨምር በባሕር ወለል ግፊት የኦክስጅኑ ከፊል ግፊት ከ21.1 ወደ 20.3 ኪሎፓስካል ዝቅ ይላል፤ ይህ ከ4 በመቶ ያነሰ ለውጥ ነው። በዚያው ክልል k ግን ከ0.693 ወደ 0.372 ይወርዳል፤ ወደ ግማሽ ቀርቧል ማለት ነው። የኦክስጅን በውሃ ውስጥ መሟሟት ሙቀት የሚያወጣ ሂደት ስለሆነ፣ ውሃው ሲሞቅ ሚዛኑ ጋዙ ወደሚወጣበት አቅጣጫ ያዘነብላል። ስለዚህ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የሚያንሰው በዋናነት k ስለሚቀንስ ሲሆን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ውሃ ኦክስጅን የሚያንሰው ደግሞ p ስለሚቀንስ ነው። እነዚህን ሁለት ምክንያቶች ለያይቶ ማስላት ለሥራው ሁሉ መሠረት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ፤ በብርሃን የሚሠራም ሆነ ስስ ሽፋን ያለው ሊሆን ይችላል።
- በቦታው ያለውን ትክክለኛ ግፊት የሚያሳይ ባሮሜትር፤ ብዙ መለኪያዎች ከውስጣቸው አላቸው።
- እስከ 0.1 ዲግሪ የሚነበብ ቴርሞሜትር።
- አንድ ሊትር የሚይዙ ሦስት ቢከሮች ወይም ሌላ አፋቸው ሰፊ የሆኑ የመስታወት ዕቃዎች።
- ሦስት ሊትር የተጣራ ውሃ፤ የቧንቧ ውሃ መጠቀም የግድ ከሆነ ጨውና ተሕዋስያን ውጤቱን ሊያዛቡ እንደሚችሉ ይታወስ።
- ለዓሣ ማቆያ የሚያገለግል ትንሽ የአየር ፓምፕ ከነአየር መበተኛ ድንጋዩ።
- ለማቀዝቀዣና ለማሞቂያ የሚሆኑ ሁለት ሰፋፊ መዘፍዘፊያዎች፣ በረዶና ሙቅ ውሃ።
- መክደኛው በደንብ የሚገጥም አንድ የመስታወት ጠርሙስ።
- ሶዲየም ሰልፋይት፣ 2 ግራም ያህል፤ ለዜሮ ማረጋገጫ ብቻ።

ጥንቃቄ

ሶዲየም ሰልፋይት ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚያንቅ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን ፈጽሞ አንድ ላይ አያድርጉ፤ አስም ያለበት ሰው ዱቄቱን ባይነካው ይመረጣል። የአየር ፓምፑን ሁልጊዜ ከውሃው ደረጃ ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠና ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሊገባ ይችላል።

አሠራሩ

1. የቦታዎን ትክክለኛ ግፊት ያግኙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየር ጠባይ ትንበያ የሚያወጣው የግፊት ቁጥር ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ነው፤ ማለትም የከፍታው ተጽዕኖ ተሰርዞ ቦታው በባሕር ወለል ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን እንደነበር የሚገልጽ ነው። ትንበያ ለሚሠራ ሰው ይህ ቦታዎችን ለማነጻጸር ይጠቅመዋል፤ ለእኛ ግን ጭራሽ የማይሆን ቁጥር ነው። ውሃው የሚሰማው በላዩ ያለውን አየር ብቻ ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ሆነው 1015 ሄክቶፓስካል (101.5 ኪሎፓስካል) የሚል ቁጥር ካገኙ ያ ቁጥር የተመለሰ መሆኑን በዚያው ያውቃሉ፤ በዚያ ከፍታ ላይ ትክክለኛው ግፊት 80 ኪሎፓስካል ገደማ ነው።

ባሮሜትር ከሌለዎት ከፍታዎን በሜትር በዚህ ቀመር ውስጥ በማስገባት የሚያጠግብ ግምት ያገኛሉ፦

```
P = 101.325 × (1 − 0.0000225577 × h)^5.25588
```

ለምሳሌ h = 1950 ሲሆን P = 80.0 ኪሎፓስካል ይሆናል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ምሳሌ ሁሉ በዚህ ግፊት የተሠራ ነው። በግፊቱ ላይ የ1 ኪሎፓስካል ስሕተት ቢፈጠር የመጨረሻው ውጤት የሚዛባው በ1.3 በመቶ ያህል ስለሆነ ግምቱ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

2. ከመለካትዎ በፊት የሚጠበቀውን ቁጥር ያስሉ።

ስሌቱ ከልኬቱ መቅደም አለበት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው መለኪያው ያሳየውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበላል። በ80.0 ኪሎፓስካል ግፊትና በ20 ዲግሪ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

```
p = 0.2095 × (80.0 − 2.34) = 16.27
C = 0.438 × 16.27 = 7.13
```

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ጠያቂ መለኪያው 7.1 ያሳየው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ስለሚሠራ ነው፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ጠግቧል። በዚያው ግፊት የ10 እና የ30 ዲግሪው እንዲህ ይሰላል፦

```
10°C:  p = 0.2095 × (80.0 − 1.23) = 16.50
       C = 0.538 × 16.50 = 8.88
30°C:  p = 0.2095 × (80.0 − 4.25) = 15.87
       C = 0.372 × 15.87 = 5.90
```

የውሃዎ ሙቀት ከሠንጠረዡ ሁለት መስመሮች መካከል ላይ ከዋለ k እና Pw ሁለቱንም በመካከላቸው በተመጣጣኝ ያከፋፍሉ። በ17 ዲግሪ ለምሳሌ k ከ0.483 ወደ 0.438 በሚወርድበት መንገድ ላይ ከአምስቱ ዲግሪ ሁለቱን ተጉዟል፤ ስለዚህ 0.483 − 0.4 × 0.045 = 0.465 ይሆናል። እውነተኛው መስመር ጥቂት የጎበጠ ቢሆንም በአምስት ዲግሪ ርቀት ውስጥ የሚፈጠረው ስሕተት ከመለኪያው ስሕተት ያንሳል።

3. የመለኪያውን ዜሮ ያረጋግጡ።

ሁለት ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በ100 ሚሊሊትር ውሃ ያሟሙና የመለኪያውን ጫፍ ይንከሩበት። ሰልፋይት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሰልፌት ስለሚሆን በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ንባቡ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ0.2 በታች ካልወረደ ስስ ሽፋኑ ተቀዷል ወይም በውስጡ ያለው ፈሳሽ አርጅቷል ማለት ስለሆነ ሌላ ነገር ከመሥራትዎ በፊት ያንን ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ጫፉን በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የቀረ ሰልፋይት በሚቀጥለው ናሙና ውስጥ ኦክስጅን መብላቱን ስለሚቀጥል ንባቡን ያለ ምክንያት ዝቅ ያደርገዋል።

4. በተን በተሞላ አየር ውስጥ ካሊብሬት ያድርጉ።

የመለኪያውን ጫፍ እርጥብ ስፖንጅ ባለበት ማስቀመጫው ውስጥ ያስገቡና ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠብቁ። ጫፉ ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይኖር በለስላሳ ወረቀት ያድርቁ። ከዚያ በደረጃ 1 ያገኙትን ትክክለኛ ግፊት ወደ መለኪያው ያስገቡ፤ መለኪያው የራሱ ባሮሜትር ካለው የሚያሳየው ቁጥር ከእርስዎ ጋር መቀራረቡን ይመልከቱ።

ግፊቱ እዚህ ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። መለኪያው በቀጥታ የሚሰማው ሚሊግራምን ሳይሆን የኦክስጅንን ከፊል ግፊት ነው። በስስ ሽፋኑ ወይም በሚያበራው ቀለም አልፎ የሚመጣው ምልክት ከ p ጋር ይመጣጠናል፤ ሚሊግራሙን መሣሪያው በውስጡ የሚያገኘው በለካው ሙቀት መሠረት k መርጦ በማባዛት ነው። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ የሔንሪን ሕግ እያሰላ ነው፤ ካሊብሬት ሲደረግ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው p ስንት እንደሆነ የሚያውቀው እርስዎ ከነገሩት ግፊት ብቻ ነው። በ80.0 ኪሎፓስካል ቦታ ላይ 101.3 ብለው ካስገቡ መሣሪያው የተሳሳተውን ቁጥር አምኖ ከዚያ በኋላ የሚያነበውን ሁሉ በ27 በመቶ ከፍ ያደርጋል። እውነተኛ ይዘቱ 4.0 የሆነ ውሃ 5.1 ሆኖ ይነበባል። ስሕተቱ አደገኛ የሚሆነው ንባቡ «የተለመደ» ስለሚመስል ነው፤ በ20 ዲግሪ የጠገበ ውሃ 9.09 ስለሚያሳይ ከታተመው ሠንጠረዥ ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል፤ ሠሪውም ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ያልፋል።

5. ሦስቱን ውሃዎች ወደ ሙቀታቸው ያምጡ።

አንዱን ቢከር በበረዶ መዘፍዘፊያ ውስጥ ወደ 10 ዲግሪ፣ አንዱን በክፍሉ ሙቀት ወደ 20፣ ሦስተኛውን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያ ወደ 30 ዲግሪ ያድርሱ። ቁጥሩ በትክክል ክብ መሆን የለበትም፤ የሚፈለገው የረጋ ሙቀት ነው። ሙቀቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ የሟሟው ኦክስጅን ከኋላው እየተጎተተ ስለሚመጣ ውሃው በዚያች ቅጽበት ካለው ሙቀት ጋር ሚዛን ላይ አይደለም። እየቀዘቀዘ ያለ ውሃ ከሙሌት በታች፣ እየሞቀ ያለ ውሃ ደግሞ ከሙሌት በላይ ሆኖ ይገኛል።

6. አየር ይንፉ፤ ከዚያ ይጠብቁ።

የአየር መበተኛውን ድንጋይ ውስጥ ከትተው ለ30 ደቂቃ ያህል ይንፉ፤ ዕቃውም በመዘፍዘፊያው ውስጥ ይቆይ። ድንጋዩን ከውሃው ሥር ሳይሆን ከገጹ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉት። ጥልቀት ላይ ያለ አረፋ የአየሩን ግፊት ብቻ ሳይሆን በላዩ ያለውን ውሃ ክብደትም ይሸከማል፤ በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀት 1 ኪሎፓስካል ያህል ይጨመርበታል። በሔንሪ ሕግ መሠረት ያ ተጨማሪ ግፊት ተጨማሪ ኦክስጅን ያሟሟል፤ በዚህ ምሳሌ ቢበዛ ከ1 በመቶ ጥቂት የሚያልፍ ትርፍ ሙሌት ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ በርሜል ከሥሩ በሚነፉ ሰዎች ዘንድ ትንሽ አይሆንም።

ፓምፑን ካጠፉ በኋላ ደቃቅ አረፋዎቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃውን በብርሃን ፊት ሲያዩት ጭጋግ የመሰለ ነገር ካለበት አረፋው ገና አልወጣም።

7. ይለኩና ይመዝግቡ።

ጫፉን አስገብተው በቀስታ ያንቀሳቅሱት ወይም ውሃውን በዝግታ ያማስሉ። ስስ ሽፋን ያለው መለኪያ በሚለካበት ጊዜ ኦክስጅን ይበላል፤ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ከጫፉ አጠገብ ያለው ይሟጠጥና ንባቡ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። በብርሃን የሚሠራው ኦክስጅን አይበላም፤ ቢሆንም መንቀሳቀሱ ንባቡ ቶሎ እንዲረጋ ይረዳል። በጫፉ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ እንዳይኖር ወደ ላይ አውጥተው ይመልከቱ።

ንባቡ ሲረጋ ኦክስጅኑን፣ በዚያች ቅጽበት በውሃው ውስጥ የተነበበውን ሙቀትና ግፊቱን አንድ ላይ ይጻፉ። ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት መዝገብ በኋላ ሊመረመር አይችልም። ሙቀቱን ከመዘፍዘፊያው ሳይሆን ከራሱ ከናሙናው ያንብቡ፤ አየር ሲነፋበት የቆየ ሙቅ ውሃ በትነት ምክንያት ከመዘፍዘፊያው ቀዝቅዞ ይገኛል። በ20 ዲግሪ አካባቢ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ሙሌቱን በ2 በመቶ ያህል ያዛባል።

8. ንባቡን ከስሌቱ ጋር ያስተያዩ።

በሦስቱም ሙቀቶች ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊግራም በሊትር ያልበለጠ ከሆነ መለኪያዎም ስሌትዎም ደህና ናቸው። ካልተስማሙ የልዩነቱ ቅርጽ ምክንያቱን ይጠቁማል። ሦስቱም ንባቦች በተመሳሳይ መቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ ጥርጣሬዎን በግፊቱና በካሊብሬሽኑ ላይ ያድርጉ፤ ምክንያቱም p ላይ ያለ ስሕተት ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ይነካል። የ20 ዲግሪው ገጥሞ የ10ና የ30ው ብቻ በተቃራኒ አቅጣጫ ካፈነገጡ ችግሩ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ ወይ የመለኪያው ቴርሞሜትር ተሳስቷል፣ ወይ ውሃዎቹ ሙቀታቸው ሳይረጋ ተለክተዋል። አንዱ ብቻ ከፍ ካለ በመጀመሪያ አረፋ ይፈልጉ።

በስሌት ላይ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

የመጀመሪያው የ25 ዲግሪውን ቋሚ ቁጥር ለሁሉም ሙቀት መጠቀም ነው። የኬሚስትሪ መማሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለኦክስጅን 1.3 × 10⁻³ ሞል በሊትር ለ1 አትሞስፌር የሚለውን ቁጥር ብቻ ይሰጣሉ። ይህ የ25 ዲግሪው 0.402 በሌላ መለኪያ ተጽፎ፣ ያውም ጥቂት ተጠጋግቶ ነው። በ10 ዲግሪ ውሃ ላይ ቢሠሩበት ውጤቱ ከእውነተኛው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል።

ሁለተኛው ከላይኛው ጋር ይዛመዳል፤ የሔንሪ ቋሚ ቁጥር በሁለት ተገላባጭ መልኮች ይጻፋል። አንዱ እኛ የተጠቀምንበት፣ መጠንን በግፊት የሚያካፍለው ነው። ሌላው ግፊትን በመጠን ያካፍላል፤ እርሱ ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል። ከሌላ ሠንጠረዥ ቁጥር ሲወስዱ በመጀመሪያ መለኪያውን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከሙቀት ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ማባዛት ሳይሆን ማካፈል ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው የውሃ ተኑን መዘንጋት ነው። በ80.0 ኪሎፓስካልና በ20 ዲግሪ Pw ካልተቀነሰ 7.13 የነበረው 7.34 ይሆናል፤ ስሕተቱ 3 በመቶ ነው። በ30 ዲግሪ ግን ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ስሕተት ሳያውቀው ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል።

«ሚሊግራሙ አልተነካም፤ መቶኛው ግን ጨመረ» የሚለው ጥያቄ

ይህ ሁለተኛው ተደጋጋሚ ጥያቄ ስለሆነ በተግባር ማየቱ ይሻላል። የ20 ዲግሪውን የጠገበ ውሃ ጠርሙሱ አፍ ድረስ ሞልተው፣ አየር ሳያስቀሩ ይክደኑትና በ30 ዲግሪ መዘፍዘፊያ ውስጥ ያስቀምጡት። ውሃ ሲሞቅ ጥቂት ስለሚለጠጥ መክደኛውን አጥብቀው አይቆልፉት። ሙቀቱ 30 ሲደርስ ከፍተው ወዲያውኑ ይለኩ። ኦክስጅኑ የሚሄድበት ስላልነበረው በሊትር አሁንም 7.1 አካባቢ ነው። በ30 ዲግሪ ግን ሙሌቱ 5.90 ስለሆነ መለኪያው 121 በመቶ ያህል ያሳያል።

ምንም ኦክስጅን አልተጨመረም፤ የተለወጠው k ነው። ያው 7.13 ሚሊግራም በአነስተኛው k ሲካፈል ከፊል ግፊቱ 7.13 ÷ 0.372 = 19.2 ኪሎፓስካል ይወጣል፤ ከውሃው በላይ ባለው አየር ውስጥ ግን ያለው 15.9 ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ግፊት ከአየሩ ስለሚበልጥ ጋዙ መውጣት ይጀምራል፤ ጠርሙሱን ክፍት አድርገው ቢተዉት ከውስጥ በኩል በመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሆኑ አረፋዎች ሲለጠፉ ያያሉ። ናሙና ከቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ወደ ሞቃት ክፍል ካመጡ በኋላ የሚለኩ ሰዎች ከ100 በመቶ በላይ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ውሃው ባለበት ቦታ ላይ መለካት ነው፤ ይህ ካልተቻለ ሚሊግራሙን ብቻ ወስደው መቶኛውን ውሃው በተቀዳበት ሙቀትና ግፊት ራስዎ ያስሉት።

ይህ ስሌት የማይሠራበት ቦታ

ከላይ ያለው k ለጨው አልባ ውሃ ብቻ ነው። ጨው ሲጨመር በውሃው ውስጥ ለጋዝ የሚተርፈው ቦታ ስለሚጠብ፣ የባሕር ውሃ በተመሳሳይ ሙቀትና ግፊት የሚይዘው ኦክስጅን ከንጹሕ ውሃ በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተመጣጣኝነቱ እንዳለ ነው፤ የሚለወጠው k ነውና በመለኪያው ላይ የጨው መጠን የሚገባበት ቦታ ካለ ይሙሉት።

በተጨማሪም ቀመሩ የሚነግርዎት ውሃው ከአየር ጋር ሚዛን ላይ ቢደርስ ሊይዝ የሚችለውን እንጂ አሁን የያዘውን አይደለም። አልጌ ያለበት ኩሬ በቀትር ፀሐይ ከሙሌት በላይ፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ ከሙሌት በእጅጉ በታች ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ መለኪያዎን የተጠራጠሩ እንደሆነ ኩሬው ላይ ሆነው አይከራከሩት፤ ወደ ደረጃ 6 ተመልሰው በተነፋ ንጹሕ ውሃ ይፈትኑት።